ከኋላም ከፊትም ድምፅ የለም፦ ድምፁ የት ላይ እንደቀረ ማግኘት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የዴስክቶፔን ኬዝ ቀየርኩ፣ በዚያው ቀን አዲስ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰካሁ። ከዚያ ወዲህ ኋላ ያለው አረንጓዴ ጃክ ላይ የሰካሁት ስፒከር ዝም ብሏል። ሄድፎን ከፊት ብሰካም ያው ነው። የስፒከሯ ምልክት ላይ ኤክስ የለም፣ ቮልዩሙም 100 ነው። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ዊንዶውስ 11 ነው። ሳውንድ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ተቃጥሏል ብዬ አላስብም። ከነገሩኝ ስነሳ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ ቀን የገጠሙዎት ይመስለኛል። አንዱን ሞኒተሩ አመጣው፣ ሌላውን ኬዙ። እንዲህ ሲደራረቡ አስቸጋሪው ነገር አንዱን ቢያስተካክሉም ሌላው ዝም ስለሚያሰኘው የሠሩት ትክክል መሆኑን አለማወቅዎ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንለያቸው።

ድራይቨሩን ለጊዜው ይተዉት። ድምፅ በጠፋ ቁጥር ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ድራይቨር ነው፤ እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው የምነካው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብን ድምፁ እስከ የት ድረስ እንደሚመጣ ነው። ለዚህ ምንም መፍታት አያስፈልግም። የዊንዶውስ ቁልፍንና R አንድ ላይ ይጫኑ፣ በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይህን ጽፈው Enter ይበሉ፦

```
mmsys.cpl
```

የሚከፈተው አሮጌው የድምፅ መስኮት ነው። አዲሱ የ Settings ገጽ ያምራል፣ ለምርመራ ግን ይህኛው ይሻላል፤ ሁሉንም መውጫ ባንድ ላይ ያሳያል። Playback የሚለው ላይ ይሁኑ። ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ ክሊክ ያድርጉና Show Disabled Devices እና Show Disconnected Devices የሚሉት ሁለቱም ምልክት እንዲኖራቸው ያድርጉ። አሁን የተደበቀ ነገር የለም።

ከዚያ አንድ ሙዚቃ ይክፈቱና ይጫወት። መስኮቱን አይዝጉት። ከእያንዳንዱ መውጫ ስም በስተቀኝ ቀጥ ብላ የቆመች መለኪያ አለች። ድምፅ ወደዚያ መውጫ ሲሄድ በአረንጓዴ ከፍ ዝቅ ትላለች። ምርመራው በሙሉ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

መለኪያዋ የትም ካልተንቀሳቀሰች ድምፁ ገና ከፕሮግራሙ አልወጣም። የብራውዘሩ ታብ ድምፅ ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም ፕሮግራሙ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ሌላ መውጫ ይዟል። የስብሰባ ፕሮግራሞች ይህን ያበዛሉ። መለኪያዋ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ግን ዊንዶውስ የራሱን ሥራ ጨርሷል ማለት ነው። ድምፁ እየሄደ ነው፤ ጥያቄው ወዴት የሚለው ብቻ ነው።

እርስዎ ዘንድ መለኪያዋ የምትዘልለው ከሞኒተርዎ ስም አጠገብ እንደሚሆን እገምታለሁ። ከስሙ ሥር NVIDIA High Definition Audio ወይም AMD High Definition Audio Device የሚል ይኖራል፤ አረንጓዴዋ የራይት ምልክትም እዚያው ላይ ትሆናለች። ኤችዲኤምአይ ምስል ብቻ አይደለም የሚያስተላልፈው፣ ድምፅም አብሮ ይሄዳል። ዲስፕሌይፖርትም እንደዚሁ ነው። አዲስ ሞኒተር ሲሰካ ዊንዶውስ አዲስ የድምፅ መውጫ ያገኛል፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠይቅዎ ወደዚያ ይዞራል። ሞኒተሩ ስፒከር ባይኖረውም ለውጥ የለውም። የሄድፎን ቀዳዳ ብቻ ያላቸው ሞኒተሮች ራሳቸውን የድምፅ ዕቃ አድርገው ያስተዋውቃሉ። የእርስዎ ሙዚቃ እዚያ ገብቶ ሰሚ አጥቶ እየተጫወተ ነው ማለት ነው። ምልክቷ ላይ ኤክስ የሌለው፣ ቮልዩሙም 100 የሆነው ለዚህ ነው። በዊንዶውስ ዓይን የተበላሸ ነገር የለም።

ማስተካከያው አጭር ነው። Speakers የሚለውን፣ ከሥሩ Realtek የሚል የማዘርቦርዱ የድምፅ ቺፕ ሠሪ ስም ያለበትን፣ አንዴ ይንኩና Set Default ይጫኑ። ከዚያ እሱኑ መርጠው በቀኝ ክሊክ Test ይበሉ። ሙዚቃውን አቁመው አንዴ እንደገና ያስጀምሩት፤ አንዳንድ ፕሮግራም መውጫ ሲቀየር ወዲያው አይከተልም። የሞኒተሩን ድምፅ ጨርሶ የማይፈልጉት ከሆነ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ Disable ያድርጉት። አይስጉ፣ ምስሉን አይነካም። እኔ ይህን የምመክረው ሞኒተር አጥፍቶ ማብራት፣ የግራፊክስ ድራይቨር ማሻሻል የመሳሰለው ሁሉ ምርጫውን መልሶ ሊያዞረው ስለሚችል ነው።

አንድ ፕሮግራም ብቻ አሁንም ዝም ካለ፣ ታች ያለችው የስፒከር ምልክት ላይ በቀኝ ክሊክ Open volume mixer ይበሉ። እዚያ ለየፕሮግራሙ የተለየ መውጫ መምረጥ ይቻላል፤ ስለሚቻልም ሰው ነካክቶ ይረሳዋል። ከታች Reset የሚል አለ፣ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ይመልሳል።

እዚህ ድረስ ያለው ከወንበር ሳይነሱ የሚሠራ ነው። አሁን ሪልቴክ ተመርጧል፣ መለኪያዋም ከእሱ አጠገብ ትዘልላለች እንበል። የኋላው ስፒከር ከሠራ አንዱ ችግር አለቀ። ካልሠራ ዕቃውን እንይ።

ስፒከሩ ራሱ መብራቱ ይበራል? በሌላ ዕቃ ላይ ሲሰካ ይሠራል? ይህን ሳያረጋግጡ አይቀጥሉ። ከዚያ ሄድፎንዎን ከኋላ አረንጓዴው ላይ ይሰኩት። ሮዙ የማይክ ነው፣ ሰማያዊው ድምፅ ማስገቢያ ነው። ማዘርቦርዱ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ጥቁር ካደረጋቸው አጠገባቸው ያለውን ጽሑፍ ይዩ።

ኬዝ የቀየረ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያየው ነገር አለ። ማዘርቦርዱ ኋላ በኩል የሚገጥምባት ቀጭን ቆርቆሮ በየቀዳዳው ዙሪያ ትናንሽ ምላሶች አሏት። ቦርዱ ሲገባ አንዳንዴ አንዷ ምላስ ታጥፋ ጃኩ ውስጥ ትገባለች። ፕለጉ የገባ ይመስላል፣ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ይቀረዋል። በባትሪ መብራት ወደ ቀዳዳው ይመልከቱ። ምላሷ ከታየች ቦርዱን ፈትቶ ወደ ውጭ ማጠፍ ነው፤ በስክሩ ድራይቨር ከውጭ አይጎርጉሩት።

ፕለግ ሙሉ በሙሉ አለመግባቱን በጆሮም መለየት ይቻላል። ሙዚቃው ይሰማል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን የለም፤ ወይም ከሩቅ እንደ ማሚቶ ነው የሚመጣው። ይህ የሚሆነው የጋራው መስመር፣ ማለትም ግራውንዱ፣ ሳይገናኝ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የሚሰሙት በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ዘፋኙ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀዳ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰሙ ችግሩ ፕለጉ፣ ጃኩ ወይም ገመዱ ነው፤ ሴቲንግ መነካካት ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ፊተኛው እንምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ክፍል ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

የፊት ጃኩ የማዘርቦርዱ አካል አይደለም። የኬዙ ነው። ከጃኩ አንድ ገመድ ይነሳና ቦርዱ ላይ ባለ ትንሽ ማገናኛ ላይ ይሰካል። ኬዝ ሲቀየር ይህ ገመድ አብሮ ይቀየራል፤ ከተረሳ ፊተኛው ጃክ ምንም ያልተገናኘ ባዶ ቀዳዳ ነው። የሚረሳበትም ምክንያት አለ። ማገናኛው ብዙ ጊዜ ቦርዱ ታችኛው ጥግ ላይ ነው፣ ገመዱም አጭር ስለሚሆን ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ተደብቆ ይቀራል።

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኃይል ገመዱን ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። የኬዙን ብረት ይንኩና ይክፈቱ። ማገናኛው እንደ ሠሪው የተለያየ ስም ተጽፎበታል። አሱስ AAFP ይለዋል፣ ጊጋባይት F_AUDIO፣ ኤምኤስአይ JAUD1፣ አስሮክ HD_AUDIO1። በሁለት ረድፍ የቆሙ ፒኖች ናቸው። ለ10 ፒን የሚሆን ቦታ አለ፣ ያሉት ግን 9 ናቸው። የጎደለው ፒን 8 ነው።

ይህን የምነግርዎ ያለ ምክንያት አይደለም። አጠገቡ ያለው የዩኤስቢ 2.0 ማገናኛም ባለ 9 ፒን ነው፣ መጠኑም አንድ ነው። ልዩነታቸው የጎደለው ፒን ቦታ ላይ ነው። በዩኤስቢው የጎደለው ጥግ ላይ ያለው ነው። በድምፁ የጎደለው ከጥግ አንድ ገባ ብሎ ያለው ነው። የገመዱ ሶኬትም በዚያው ቦታ የተደፈነ ነው። ስለዚህ በትክክል ሲገጥም ሳይታገል ይገባል። እምቢ ካለ አይግፉት፤ ወይ ዞሯል ወይ ቦታው አይደለም። ገፍቶ ፒን ያጣመመ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ገመዱ ላይ ሁለት ሶኬት ሊያገኙ ይችላሉ። በአንዱ HD AUDIO ተጽፏል፣ በሌላው AC'97። ሁለቱም እዚያው ማገናኛ ላይ ይገባሉ! ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። AC'97 ስሙ እንደሚለው የእ.ኤ.አ. 1997 አሠራር ነው። ኢንቴል በእ.ኤ.አ. 2004 ኤችዲ ኦዲዮ በሚባለው ተካው፤ የዛሬ ቦርዶች የሚሠሩት በዚህ ነው። መሰካት ያለብዎ HD AUDIO የሚለውን ብቻ ነው። ሌላኛው ሶኬት ተንጠልጥሎ ይቅር፤ የሚነካው ብረት እንዳይኖር ብቻ ከገመዶቹ ጋር አስረው ይተዉት።

የተሳሳተው ቢሰካ ምን ይሆናል? ድምፁን የሚያመጡት ፒኖች በሁለቱም አንድ ናቸው። ፒን 9 የሄድፎኑን ግራ ይይዛል፣ ፒን 5 ቀኙን። ልዩነቱ ያለው 6፣ 7 እና 10 ላይ ነው። በኤችዲ ኦዲዮ እነዚህ ፒኖች ድምፅ አያስተላልፉም፤ «ፕለግ ገባ፣ ፕለግ ወጣ» የሚል መልእክት ነው የሚያመጡት። ጃኩ ውስጥ ትንሽ ማብሪያ አለች፣ ፕለጉ ሲገባ ይገፋታል፣ ቦርዱ ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ በዚያ ያውቃል። AC'97 ይህ መልእክት የለውም። ስለዚህ የድምፁ መንገድ ደህና ሆኖ ሳለ ቺፑ ሄድፎን መሰካቱን ስለማያውቅ አይልክበትም።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ለእርስዎ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሊሆን ይችላል። ሪልቴክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሄድፎን ከፊት ሲሰካ የኋላውን ስፒከር ዝም እንዲያሰኝ ተደርጎ ነው። ጥሩ አሠራር ነው፣ ማታ ማታ በተለይ። ግን የመልእክቱ ሽቦ ቢላሽቅ ወይም የጃኩ ማብሪያ ተጣብቃ ብትቀር ቺፑ ሁልጊዜ ሄድፎን ያለ ይመስለዋል። ፊት ላይ ምንም ሳይኖር የኋላው ስፒከር ዝም ይላል። ሰውዬው ስፒከር ይቀይራል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጭናል። ጥፋቱ ግን ፊት ለፊት ባለች ባዶ ቀዳዳ ነው።

አንድ ደንበኛ ልክ እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ መጥቶ ነበር። የኋላው ስፒከር አልፎ አልፎ ይሠራል፣ ኬዙ ነካ ሲደረግ ይቋረጣል። ሪልቴክ ተመርጧል፣ መለኪያዋ ትዘልላለች፣ ድምፅ የለም። የሪልቴክ መስኮት ፊተኛው ሄድፎን እንደተሰካ ያሳይ ነበር፣ ፊት ላይ ግን ምንም አልተሰካም። ማሽኑን አጥፍቼ የፊት ጃኩን ገመድ ከቦርዱ ነቀልኩና አስነሳሁት። የኋላው ወዲያው ሠራ። ገመዱን መልሼ ስሰካ እንደገና ዝም አለ። ለፍርድ ይህ በቂ ነው፦ ቦርዱ ጤነኛ፣ የኬዙ ጃክ በሽተኛ። እሱ የፊቱን ጃክ ስለማይጠቀምበት ገመዱን ነቅለን ተውነው።

እርስዎም ይህንኑ ያድርጉ። የኋላው ስፒከር እምቢ ካለ የፊቱን ገመድ ነቅለው ይሞክሩ። ምንም ገንዘብ አያስወጣም፣ ምንም አይበላሽም፣ መልሱም ግልጽ ነው።

ገመዱ በትክክል ተሰክቶ የፊተኛው ጃክ ብቻ ካልሠራ ደግሞ mmsys.cpl ከፍተው ፕለጉን እያስገቡ እያወጡ ዝርዝሩን ይመልከቱ። የሚሠራ መልእክት ካለ Headphones የሚለው ከ Not plugged in ወደ Ready ወይም ወደ Default Device ይለወጣል። በአንዳንድ ማሽን የፊትና የኋላው በአንድ Speakers ስም ሥር ስለሚሆኑ እዚህ ለውጥ ላይታይ ይችላል። ያን ጊዜ የሪልቴክን ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ስሙ Realtek Audio Console ወይም Realtek HD Audio Manager ነው። ፕለጉ ሲገባ ምን እንደሰኩ የሚጠይቅ ሳጥን ብቅ ካለ መልእክቱ ደርሷል። ሳጥኗ ከመጣች Headphone የሚለውን ይምረጡ። Mic In ወይም Line In ተመርጦ ካለፈ ጃኩ ለማስገቢያ ይሆናል፣ ድምፅም አይወጣም።

ምንም ካልተለወጠ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ Disable front panel jack detection የሚል አማራጭ አለ። ምልክት ሲያደርጉበት ቺፑ መልእክቱን መጠበቅ ትቶ ዝም ብሎ ይልካል። AC'97 ሶኬት ብቻ ያለው አሮጌ ኬዝ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ይህ ነው። አንዳንድ ቦርድ ላይ ባዮስ ውስጥም Front Panel Type የሚል ምርጫ አለ፣ HD ወይም AC97 ይላል። ለአዲስ ኬዝ HD መሆን አለበት። የ Disable front panel jack detection ዋጋውንም ይወቁት፦ ፕለግ መለየቱ ከጠፋ ሄድፎን ሲሰኩ የኋላው ስፒከር በራሱ ዝም አይልም፣ በእጅዎ ማጥፋት ይኖርብዎታል።

ሄድፎንዎ ከስልክ ጋር የሚመጣ፣ ማይኩ አብሮ ያለበት ከሆነ ፕለጉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያያሉ። የኬዝዎ ጃኮች ለሄድፎንና ለማይክ የተለያዩ ከሆኑ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ማይኩ ግን አይሠራም። ብልሽት አይደለም። ሁለት ጫፍ ያላት መከፋፈያ ገመድ ያስፈልገዋል።

ድራይቨር የሚነካው መቼ ነው? Realtek ወይም High Definition Audio Device የሚል ስም በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ሲጠፋ ነው። የተደበቁትን አሳይተው እንኳ ከሌለ መጀመሪያ ባዮስ ይግቡና HD Audio Controller ወይም Onboard Audio የሚለው Enabled መሆኑን ይዩ። ኬዝ ሲቀየር የቦርዱ ባትሪ ተነቅሎ ሴቲንጉ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በርቶ እያለ ካልታየ ያኔ ድራይቨሩን ከማዘርቦርዱ ሠሪ ገጽ ላይ፣ በቦርዱ ትክክለኛ ሞዴል ፈልገው ይጫኑት።

ሪልቴክ ተመርጦ፣ መለኪያዋ እየዘለለች፣ የፊት ገመዱ ተነቅሎ፣ ጤናማ ሄድፎን ከኋላ አረንጓዴው ላይ ሙሉ በሙሉ ገብቶ አሁንም ዝም ካለ ብቻ ነው የቦርዱን የድምፅ ክፍል የምጠረጥረው። ያን ጊዜም ቦርድ አይቀየርም። ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይሰኩ፤ የራሱ ቺፕ ስላለው የቦርዱን ጨርሶ አይነካም። በዝርዝሩ ላይ አዲስ ስም ሆኖ ይመጣል፣ እሱን Set Default ያድርጉት።